ኮምፒዩተር ደረሰኝ ሲያነብ፦ ልክ መሆኑን በምን እናውቃለን?

ወር ሲያልቅ ሒሳብ ክፍል ጠረጴዛ ላይ የሚከመር የግዢ ደረሰኝ ሁሉ የሚጠየቀው አራት ነገር ነው፦ ማን ሸጠ? መቼ ሸጠ? በስንት? ቫቱስ ስንት ነው? ሒሳብ ሠራተኛዋ መልሱን ከወረቀቱ ላይ በዓይኗ እየፈለገች ኮምፒዩተር ውስጥ ታስገባለች። ደረሰኙ ሃያ ሲሆን ሥራው ከቡና ሰዓት በፊት ያልቃል። ሁለት ሺህ ሲሆን ግን ሳምንት ይበላል፤ ሰው ሲደክመው ደግሞ ቁጥር ያገላብጣል፣ መስመር ይዘላል።

ይህን ሥራ ለኮምፒዩተር መስጠት ይቻላል። ወረቀቱ ስካን ይደረጋል፣ ፕሮግራሙ ምስሉን ያነብባል፣ አራቱን መልሶች ለይቶ ጄሰን በሚባለው አጻጻፍ ያወጣል። ጄሰን ምስጢር የለበትም። እያንዳንዱን መረጃ ከነመጠሪያው ጥንድ አድርጎ የሚጽፍ ተራ ጽሑፍ ነው፤ «ቀን» ለሚለው መጠሪያ ይህ፣ «ጠቅላላ» ለሚለው ያ እያለ ይዘረዝራል። የሒሳብ ሶፍትዌሮች ያለ ሰው እርዳታ ስለሚረዱት ለዚህ ሥራ ተመራጭ ሆኗል።

ፊደልና ቁጥር አንብቦ ማውጣቱ ዛሬ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የተነበበው ልክ መሆኑን ማወቁ ነው። በዚህ ረገድ ደረሰኝ ከደብዳቤ ወይም ከቃለ ጉባኤ የተሻለ ወረቀት ነው፤ አንዱን ነገር በተለያየ መልክ ደጋግሞ ይናገራልና። ድምሩ ከዝርዝሩ፣ ቫቱ ከድምሩ፣ በፊደል የተጻፈው በአኃዝ ከተጻፈው ጋር መግጠም አለበት። ጥሩ የንባብ ሥርዓት የሚባለው ይህን ድግግሞሽ የሚጠቀም ነው።

አንድ ደረሰኝ በቅርብ ስናየው

አዲስ አበባ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ዕቃ ገዛ እንበል። ስሙም ቁጥሩም ለምሳሌ የቀረበ ነው። ሻጩ በኮምፒዩተር የታተመ የሽያጭ ወረቀት ሰጥቷል። 20 ደስታ ወረቀት፣ አንዱ በ650 ብር፣ 13,000.00። ሁለት ቶነር፣ አንዱ በ2,740 ብር፣ 5,480.00። ከታች ድምር 18,480.00፣ ቫት 15 በመቶ 2,772.00፣ ጠቅላላ ድምር 21,252.00። በፊደል፦ ሃያ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ ሁለት ብር። ቀኑ 05/03/2017። ራስጌው ላይ የሻጩ ስምና ቲን ቁጥር፣ ከሥሩ የገዢው ስምና ቲን ቁጥር አለ። ግርጌው ላይ ሰማያዊ ማኅተም አርፏል፤ የማኅተሙ ጠርዝ «18,480.00» ላይ ወጥቷል። ከጥጉ ደግሞ የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ቁራጭ ደረሰኝ በስቴፕለር ተያይዟል።

የመጀመሪያው ውሳኔ የሚወሰደው ስካነሩ ላይ ነው። በኢንች 300 ነጥብ ለታተመ ጽሑፍ ይበቃል። ፋይሉ እንዲቀልል ተብሎ በጥቁርና ነጭ ስካን ማድረግ ግን ያስከፍላል። በቀለም የተነሣ ምስል ላይ ሰማያዊውን ማኅተም ከጥቁሩ ቁጥር በፕሮግራም መለየት ይቻላል፤ በጥቁርና ነጭ ግን ሁለቱ አንድ ላይ ጠቁረው ይቀራሉ፣ ከዚያ ወዲያ የሚለያቸው የለም። ሌላው ጥንቃቄ የማሽኑን ቁራጭ ይመለከታል። የሚታተመው በሙቀት በሚጠቁር ወረቀት ስለሆነ በጊዜ፣ በፀሐይና በሙቀት ይደበዝዛል። ወር እስኪያልቅ ሳይቆይ በመጣበት ዕለት ስካን ቢደረግ ይሻላል። ስቴፕሉም ይነቀል፤ ቁራጩ ሥር የተደበቀ ቁጥር ማንም አያነብበውም።

ምስሉን ወደ ጽሑፍ ለመለወጥ ከሚያገለግሉት ነጻ ፕሮግራሞች የታወቀው ቴሰራክት ነው። ሥራው ኤችፒ ኩባንያ ውስጥ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ተጀምሮ በ2005 ለሕዝብ ክፍት ሆኗል። አማርኛም ያነብባል። ትእዛዙ ይህን ይመስላል፦

```
tesseract invoice.png invoice -l amh+eng --psm 6 tsv
```

`amh+eng` የሚለው አማርኛና እንግሊዝኛ ተቀላቅለው እንደሚገኙ ይነግረዋል። መጨረሻ ላይ ያለው `tsv` እያንዳንዱን ቃል ምስሉ ላይ ካለበት ቦታና ከ100 ከሚታሰብ የእርግጠኝነት ነጥብ ጋር እንዲያወጣ ያዝዘዋል። ቦታው ያስፈልጋል፤ «21,252.00» ብቻውን ምንም አይናገርምና። ትርጉም የሚያገኘው በዚያው መስመር በስተግራ «ጠቅላላ ድምር» የሚል ስላለ ነው። ዝም ብሎ «ድምር» የሚለውን ቃል የሚፈልግ ፕሮግራም አንዱ አቅራቢ ጋ ከቫት በፊት ያለውን፣ ሌላው ጋ ከቫት በኋላ ያለውን ይይዛል። ቅጹ በእጅ የተሞላ ከሆነ ቴሰራክት አይሆንም፤ የተሠራው ለታተመ ፊደል ነው።

ሻጩ ማን ነው?

ወረቀቱ ላይ ሁለት ስምና ሁለት ቲን አለ። ሻጩን ከገዢው መለየት ለሰው ቀላል ነው፤ ለፕሮግራም ግን ቅጹ በተለዋወጠ ቁጥር ይምታታበታል። ቀላሉ መፍትሔ የራስን ቲን አስቀድሞ ማሳወቅ ነው። ከሁለቱ አንዱ የራሳችን ከሆነ ቀሪው የአቅራቢው ነው። የራሳችን ቲን ጭራሹን ካልተገኘ ደግሞ ወይ ንባቡ ተበላሽቷል፣ ወይ ደረሰኙ በእኛ ስም አልተቆረጠም፤ ሁለቱም ሰው ሊያያቸው የሚገቡ ናቸው።

አቅራቢን በስም መለየት አያዋጣም። ያው ድርጅት አንዴ «ኃ/የተ/የግ/ማ»፣ አንዴ «ኃላ.የተ.የግ.ማኅበር»፣ ሌላ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። በዚህ ላይ ፕሮግራሙ ለ እና ሉን፣ በ እና ቡን ያቀያይራል። በስም ከሄድን አንዱ ሻጭ መዝገባችን ውስጥ አራት ሻጭ ሆኖ ይገኛል። ቲን ግን 10 አኃዝ ነው፤ ዘጠኝ ወይም አሥራ አንድ ሆኖ ከተነበበ ስህተቱ ወዲያው ይታያል። ስሙ ለሰው ዓይን ይቀመጥ፤ መዝገቡን የሚያገናኘው ቲኑ ይሁን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት ነገር አለች። ቲን በዜሮ ሊጀምር ይችላል። እንደ ስሌት ቁጥር ከተያዘ መሪዎቹ ዜሮዎች ይጠፋሉ፤ ጄሰን ራሱ በዜሮ የሚጀምር ባለብዙ አኃዝ ቁጥር አይቀበልም። ቲን የሚደመር ነገር ስላልሆነ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ እንደ ጽሑፍ መቀመጥ አለበት።

05/03/2017 መቼ ነው?

የእኛ አገር ደረሰኝ ከሌላው የሚከብድበት ቦታ ይህ ነው። ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ይህን ቀን ሲያይ ማርች 5 ቀን 2017 ብሎ ይመዘግባል፤ አዲሱ ግዢ ከሰባት ዓመት በላይ ያረጀ ሆኖ ይገኛል። ወረቀቱ ያለው ግን ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 14 ቀን 2024።

ዓመቱ ላይ ሰባት ወይም ስምንት መደመር ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። እንዲያ ያደረገ ፕሮግራም 05/03/2024 ብሎ ያስቀምጣል፤ ከትክክለኛው ቀን በስምንት ወር ይርቃል። ወሩና ቀኑም መቀየር አለባቸው፣ ልዩነቱም ሁልጊዜ አንድ አይደለም። ያው ኅዳር 5 በ2016 ዓ.ም. የዋለው ኖቬምበር 15 ላይ ነበር፤ 2015 ጳጉሜን ስድስት አድርጎ ስላለፈ አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። ስለዚህ ለውጡ በተፈተነ የቀን መቁጠሪያ ስሌት መሠራት አለበት።

ከዚያ በፊት ግን ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መታወቅ አለበት። አንዳንዱ ራሱን ያጋልጣል። ቀን ቀድሞ ወር በሚከተልበት አጻጻፍ፣ ወሩ 13 ከሆነ ጳጉሜን ነው። ቀኑ 31 ከሆነ የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 31 የሚባል የለም። 30/02 ከሆነ ደግሞ ጥቅምት 30 እንጂ ሌላ ሊሆን አይችልም። የሚበዛው ግን በዓመቱ ይለያል፤ ሰሞኑን የተገዛ ዕቃ ደረሰኝ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ የሚያሳይ ከሆነ አቆጣጠሩ የእኛ ነው። የድሮ መዝገብ ስካን ሲደረግ ግን ይህ መላ አይሠራም። «2010» የሚል ደረሰኝ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል።

ምሳሌያችን ላይ የሚረዳን የተያያዘው ቁራጭ ነው። የማሽኑ ደረሰኝ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 14/11/2024 ይላል። ከኅዳር 5 ጋር ገጠመ ማለት ነው። ሆኖም ይኸው ቁራጭ ሌላ ወጥመድ ይዞ ይመጣል። ሽያጩ አንድ፣ ወረቀቱ ሁለት ስለሆነ ለየብቻ ስካን ከተደረጉ ግዢው ሁለት ጊዜ ይመዘገባል። የቁራጩ ኤፍ ኤስ ቁጥር ከዋናው ወረቀት ጋር አብሮ መያዝ ያለበት ለዚህ ነው።

የወጣው ጽሑፍ

ሁሉ በትክክል ሲነበብ ውጤቱ ይህን ይመስላል፦

```json
{
  "supplier_name": "የአቅራቢው ስም",
  "supplier_tin": "0000123456",
  "date": "2024-11-14",
  "date_raw": "05/03/2017",
  "currency": "ETB",
  "subtotal": "18480.00",
  "vat_rate": "15",
  "vat": "2772.00",
  "total": "21252.00",
  "review": []
}
```

ቀኑ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። `date` ዓለም አቀፉን አጻጻፍ፣ ዓመት-ወር-ቀን፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ይዟል፤ ሶፍትዌሮች የሚጠብቁት ይህን ነው። `date_raw` ወረቀቱ ላይ ያለውን እንዳለ ይይዛል። ነገ የቀን ልወጣው ስህተት እንደነበረበት ቢታወቅ፣ ዋናው ካለ ሁሉንም እንደገና ማስላት ይቻላል፤ ከሌለ ግን ወረቀቱን ከመዝገብ ቤት ማውጣት ነው። ገንዘቡ ያለ ሺህ መለያ ኮማ፣ በሁለት የሳንቲም አኃዝ፣ በትእምርተ ጥቅስ ተቀምጧል። ኮምፒዩተር ነጥብ ያለውን ቁጥር በተለመደው መንገድ ሲይዝ ጥቃቅን ሽርፍራፊ ስለሚያመጣ፣ እንዲህ አድርጎ ማስቀመጡ ሳንቲሟን ይጠብቃል። `review` ደግሞ ሰው ሊያያቸው የሚገቡት የሚዘረዘሩበት ቦታ ነው፤ እዚህ ባዶ ነው።

ወረቀቱን በራሱ መፈተን

አሁን ማኅተሙ ያረፈበትን ቁጥር እናምጣ። ፕሮግራሙ 18,480.00ን 13,480.00 ብሎ አነበበ እንበል፤ የተሸፈነ 8 ለ3 ይቀርባል። ድምር ሲደመር ቫት ጠቅላላ መሆን አለበት፦ 13,480 ሲደመር 2,772 የሚሆነው 16,252 ነው፤ ወረቀቱ ግን 21,252 ይላል። የ13,480 15 በመቶ 2,022 ነው፤ ወረቀቱ 2,772 ይላል። ሁለቱም ፈተና ወደቀ፣ የሁለቱም ተካፋይ ድምሩ ነው። በተቃራኒው 21,252 ለ1.15 ሲካፈል 18,480 ይመጣል፤ የዕቃዎቹ ዝርዝር ሲደመርም 18,480 ነው። የተሳሳተው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛውም ታወቀ።

ታዲያ ፕሮግራሙ ራሱ ያስተካክለው? ሐሳብ ያቅርብ፣ ግን ዝም ብሎ አይተካ። የምስሉን ቁራጭና «18,480.00 ይመስላል» የሚል ማሳሰቢያ ለሠራተኛዋ ካቀረበ በአንድ አፍታ ታጸድቀዋለች። መተካት የግድ ከሆነም ቁጥሩ የተነበበ ሳይሆን የተሰላ መሆኑ አብሮ መጻፍ አለበት። ደግሞ የጥቂት ሳንቲም ልዩነት ስህተት ተብሎ መጣል የለበትም፤ አንዳንዱ ሻጭ ቫቱን በየዕቃው አስልቶ ስለሚያጠጋጋ ሳንቲሞቹ ይዛነፋሉ።

ይህ ፈተና የማያያቸው ስህተቶችም አሉ። ነጥቡ ደብዝዞ ሁሉም ቁጥር ያለ ነጥብ ቢነበብ 1848000፣ 277200፣ 2125200 ይሆናሉ። እነዚህ ተደምረው ይገጥማሉ፤ 15 በመቶውም ይገጥማል። ሁሉም እኩል መቶ እጥፍ ስለሆኑ ስሌቱ ምንም አይሰማውም። ሃያ አንድ ሺህ የነበረው ግዢ ሁለት ሚሊዮን ሆኖ ፈተናውን ያልፋል። የሚያስቆመው በፊደል የተጻፈው መስመር ነው፤ «ሃያ አንድ ሺህ» የሚለው ነጥብ ስለሌለው ነጥብ አይጠፋበትም። ያ መስመር በሌለበት ደረሰኝ ቢያንስ የገንዘብ ጣሪያ ማበጀት ይቻላል፤ ከዚያ በላይ የሆነ ሁሉ ሰው ጋ ይሂድ።

ሁለተኛው ከቫት በኋላ ያለውን ዋጋ ብቻ የሚጽፍ ደረሰኝ ነው። 21,252 ላይ 15 በመቶ የሚያሰላ ፕሮግራም ቫቱን 3,187.80 ያደርገዋል፤ በ1.15 አካፍሎ ልዩነቱን የሚወስድ ግን ትክክለኛውን 2,772 ያገኛል። ሦስተኛው ዕቃዎቹ ሁሉ ቫት የሚከፈልባቸው ባልሆኑበት ጊዜ ነው። ያኔ 15 በመቶው ባይገጥምም ወረቀቱ ልክ ነው፤ የሚገጥመው ቫት ካለባቸው መስመሮች ድምር ጋር ብቻ ነው። ዊዝሆልዲንግ ሲቀነስ ደግሞ በቼክ የወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ያንሳል። የክፍያ ማዘዣው አብሮ ስካን ከተደረገ፣ ፕሮግራሙ የተጣራውን ክፍያ እንደ ደረሰኙ ጠቅላላ እንዳይወስደው መጠንቀቅ ነው።

ባዶና ዜሮ አንድ አይደሉም

ቫት ያልተገኘበት ደረሰኝ ምን ተብሎ ይመዝገብ? «0.00» ማለት ወረቀቱ ቫት የለም ብሏል ማለት ነው። ጄሰን ለዚህ የሚለይ ሌላ ቃል አለው፦ `null`። ትርጉሙ «አላገኘሁም» ነው። ለቫት ያልተመዘገበ ነጋዴ ደረሰኝና ማኅተም ቫቱን የሸፈነበት ደረሰኝ ሁለቱም «0.00» ከተባሉ፣ በኋላ ማንም ሊለያቸው አይችልም። አንደኛው እንዳለ ያልፋል፤ ሁለተኛው ግን ወረቀቱ ተፈልጎ መታየት አለበት።

ከዚህ የባሰው ባዶውን በስሌት መሙላት ነው። ጠቅላላው 21,252 ከሆነ ቫቱ 2,772 መሆን አለበት ብሎ የሚሞላ ፕሮግራም፣ ቫት ሰብስቦ የማያውቅ ሻጭን ቫት እንደሰበሰበ ያስመስላል። መሥሪያ ቤቱም ያልከፈለውን ግብር ተመላሽ ይጠይቃል። ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለሚገጥሙ የትኛውም ፈተና አይዘውም፤ ፈታኙና መልሱን የጻፈው አንድ ሆነዋልና። ኦዲተር ወረቀቱን ሲጠይቅ ግን ወረቀቱ ላይ የለም።

ምስሉን ተቀብለው በአንድ ጊዜ ጄሰን የሚያወጡት አዳዲሶቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ላይ ይህ ጥንቃቄ ይበልጥ ያስፈልጋል። የተለያየ ቅጽን በመረዳት ከቀደሙት ይበልጣሉ፤ የእጅ ጽሑፍም ይሞክራሉ። ነገር ግን ስህተታቸው የተለየ ጠባይ አለው። ቴሰራክት ማንበብ ሲያቅተው አብዛኛውን ጊዜ የተዘበራረቀ ፊደል ያወጣል፤ ማንም አይቶ ያውቀዋል። እነዚህ ግን ሲያቅታቸው እውነት የሚመስል ቁጥር ሊያስቀምጡ ይችላሉ። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የሌለውን `null` እንዲሉ በግልጽ መታዘዝ፣ ስሌቱም ከእነርሱ ውጭ በሌላ ፕሮግራም መፈተን አለበት።

እንዲህ ያለ ሥርዓት ሊገዛ ወይም ሊያሠራ ያሰበ መሥሪያ ቤት በሻጩ ማሳያ ወረቀት ከመፍረድ ይልቅ በራሱ ደረሰኞች ይፈትን። ሰው አስቀድሞ በጥንቃቄ የመዘገባቸውን መቶ ደረሰኞች፣ የደበዘዘውንም ማኅተም ያረፈበትንም ጨምሮ፣ ለፕሮግራሙ ሰጥቶ ውጤቱን በየመጠሪያው ማወዳደር ነው፤ ቲኑ ለብቻ፣ ቀኑ ለብቻ፣ ቫቱ ለብቻ። ያኔ መቁጠር ያለበት ስንቱ ልክ እንደሆነ ብቻ አይደለም። ተሳስቶ ራሱ «እዩልኝ» ያለው አንድ ነገር ነው፤ ሠራተኛዋ ታየዋለች። ተሳስቶ `review` ባዶ ሆኖ ያለፈው ግን ቀጥታ ወደ ቫት ማስታወቂያው ይገባል። ከመቶው አሥራ አምስቱን ለሰው የሚመልስና አንድም ስህተት የማያሾልክ ሥርዓት፣ ሦስቱን ብቻ መልሶ ሁለት ስህተት ከሚያሾልከው ይመረጣል። የመጀመሪያው የሚያስከፍለው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ የሁለተኛው ዋጋ የሚታወቀው ኦዲት ሲመጣ ነው።